ጫማ በቀን ስንት ያስወጣል?

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ አስቀምጫለሁ። ከኋላ ላላችሁት ላይታያችሁ ይችላል፤ ብዙም አልቀረባችሁ። አንደኛው ሶሉ እንደ አዞ አፍ ተከፍቷል። ሁለተኛው ገና አዲስ ይመስላል፣ ግን እሱ ነው በዕድሜ የሚበልጠው። ሁለቱም የኔ ናቸው። ዛሬ የማወራው ከሁለቱ የትኛው ብዙ እንዳስወጣኝ ነው። መልሱን ለማግኘት ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። የጠበቅኩት መልስም አልነበረም።

ለሒሳቡ እንዲቀለን ርካሹን በ100 ገዛሁት እንበል፤ ውዱን በ400። መቶ ምን? ካላችሁኝ፣ በየኪሳችሁ ያለው ገንዘብ ይሁን። የገንዘቡ ዓይነት ለውጥ አያመጣም። እዚህ የሚሠራው አንዱ የሌላው አራት እጥፍ መሆኑ ነው።

ሐሳቡን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የዕቃውን ዋጋ ለተጠቀምንበት ቀን ብዛት እናካፍላለን። ጫማ በ100 ተገዝቶ 100 ቀን ከተደረገ በቀን 1 ወጣበት ማለት ነው። በ400 ተገዝቶ 800 ቀን ከተደረገ በቀን ግማሽ። ስለዚህ ውዱ ረከሰ። እዚህ ድረስ ልጅም ይሠራዋል። ውድ ጫማ የሚሸጡ ሰዎችም ይህን ሒሳብ በጣም ይወዱታል።

ችግሩ 800 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ የሚለው ነው። ዋጋውን ሱቁ ይነግረናል። ቀኑን ግን ማንም አይነግረንም፤ እኛው ነን የምንገምተው። አዲስ ውድ ጫማ እጁ ላይ የያዘ ሰው ደግሞ ግምቱ ይለጠጣል። «ይሄንማ አሥር ዓመት ነው የማደርገው» ይላል። እኔም ብያለሁ።

ስለዚህ መቁጠር ጀመርኩ። የጫማውን ካርቶን ክዳን ገልብጬ የተገዛበትን ቀን ጻፍኩበት። ባደረግኩት ቁጥር ማታ ሳወልቅ አንድ ጭረት። በቃ፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ሰው ቤት ሲመጣ ክዳኑን አይቶ «እስር ቤት ነው እንዴ ያለኸው?» ይለኝ ነበር። ካርቶኑን ለሚጥል ሰው ስልክ ላይ መመዝገብም ይቻላል፣ ግን እኔ ስልኬን ከፍቼ ሌላ ነገር ውስጥ ስለምገባ እረሳለሁ።

በዓመቱ መጨረሻ ላይ ቁጥሩን ሳይ ደነገጥኩ። «ሁልጊዜ የማደርገው» ብዬ የማወራለት ውድ ጫማ የተደረገው 61 ቀን ብቻ ነበር። ዝናብ ሲሆን አዝንለታለሁ። ብዙ የሚያስሄድ ቀን ሲሆን ሌላ አደርጋለሁ። ሥራ ቦታ ስብሰባ ሲኖር ብቻ እሱን አወጣዋለሁ። ርካሹ ግን ጭቃም ፀሐይም አይመርጥም፤ በሳምንት አምስት ቀን ይሠራል። ውድ ዕቃ ስለምንሳሳለት ብቻ በቀን የሚያስወጣው ዋጋ ይንራል። ይህን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም።

አሁን ጫማ እንዴት እንደሚሞት ትንሽ ላውራ። ይህን ሳናውቅ ቀኑን መገመት አንችልም።

አብዛኛው ርካሽ ጫማ ሶሉ በማጣበቂያ ብቻ የተያዘ ነው። በማጣበቂያ የተያዘ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ጥሩ ተደርጎ የተጣበቀ ሶል ብዙ ይቆያል። ግን ሙቀትና እርጥበት ማጣበቂያን ያደክማሉ። ጫማው ስንራመድ የሚታጠፈው ጣቶቻችን ሥር ነው፤ ስለዚህ ሶሉ መላቀቅ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ጎን ወይም ከፊት ጫፉ ነው። የኔ ርካሽ ጫማ እንደዚያ ነው የሆነው። በ26ኛው ሳምንት፣ ማለትም በ130ኛው ቀን፣ ቀኙ አፉን ከፈተ።

የተሰፋ ሶል ሌላ ታሪክ አለው። ሶልን በማሽን ከላይኛው ቆዳ ጋር መስፋት የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ላይማን ብሌክ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1858 ለዚህ የሚሆን ማሽን የባለቤትነት መብት አገኘ። በሱ ዘዴ ክሩ ከጫማው ውስጥ ገብቶ በቀጥታ በሶሉ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጉድይር ዌልት የሚባለው መጣ። ስሙ የመጣው ከቻርለስ ጉድይር ልጅ ነው፤ አባትየው ጎማን በማጠንከር የሚታወቀው ነው። በዚህ ዘዴ በጫማው ዙሪያ አንድ ጠባብ የቆዳ ጥብጣብ ይሰፋል፤ ሶሉ የሚሰፋው ከጥብጣቡ ጋር ነው እንጂ ከላይኛው ቆዳ ጋር አይደለም። ጥቅሙ ሶሉ ሲያልቅ ይታያል። ጫማ ሠሪው የውጪውን ስፌት ፈትቶ አዲስ ሶል ይሰፋል። ላይኛው ቆዳ በአዲስ መርፌ አይበሳም።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ዙሪያው ላይ ክር ስላያችሁ ብቻ ተሰፍቷል አትበሉ። አንዳንዱ ክር ጌጥ ነው፤ ምንም አይዝም። የፕላስቲክ ጠርዝ ላይ የስፌት ቅርጽ ብቻ የታተመበትም አለ። ጥርጣሬ ካለባችሁ ጫማውን ከመግዛታችሁ በፊት ጫማ የሚጠግን ሰው ዘንድ ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱና «ይሄን ሶል ትቀይርልኛለህ? በስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። «አይቀየርም» ካለ ውዱ ጫማ ለሒሳባችን ልክ እንደ ርካሹ ነው፤ አንድ ሶል፣ አንድ ዕድሜ።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ።

ርካሹ 130 ቀን ሠርቶ ተከፈተ። 100ን ለ130 ስናካፍል በቀን 0.77 ይመጣል። አልጣልኩትም። በ10 አስጣበቅኩት። ሌላ 20 ቀን ሄደና ሶሉ መታጠፊያው ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ያኔ ተሰናበትኩት። በጠቅላላው 110 ወጥቶበት 150 ቀን ሠራ። በቀን 0.73።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማስጠገኑ ያዋጣ ነበር? ብዙ ሰው «ጫማው ራሱ 100 ነው፣ ምን አስጠገነህ?» ይለኛል። ግን ጫማው የተገዛበት 100 ሄዷል፤ ባስጠግነውም ባላስጠግነውም አይመለስም። በዚያን ቀን ፊቴ የነበረው ጥያቄ ሌላ ነው። 10 ከፍዬ ስንት ቀን አገኛለሁ? 20 ቀን ካገኘሁ በቀን 0.50 ነው። አዲስ ርካሽ ጫማ ብገዛ በቀን 0.77 ይሆንብኛል። ስለዚህ አዋጥቷል። 10 ቀን ብቻ ቢቆይ ኖሮ በቀን 1 ይሆንብኝ ነበር፤ ያኔ አያዋጣም። ለጥገና ስትወስኑ የጥገናውን ዋጋ ብቻ ነው የምታካፍሉት።

አሁን ውዱ። በ400 ተገዛ። መጀመሪያ የሚያልቀው ሶሉ አይደለም፣ ተረከዙ ሥር ያለው ጎማ ነው። አብዛኞቻችን ስንረግጥ የተረከዙ የውጪ ጥግ ቀድሞ መሬት ስለሚነካ እሱ ጋ ይበላል። ይህ ደግሞ ደግ ነገር አለው፤ ይለካል። የኔ የተረከዝ ጎማ ሲገዛ 6 ሚሊ ሜትር ነበር። ከ40 ቀን በኋላ በማስመሪያ ስለካው ጥጉ 4 ሆኗል። በ40 ቀን 2 ከሄደ፣ 6ቱ በ120 ቀን ያልቃል። ጎማው አልቆ ከላዩ ያለው የተረከዙ አካል መበላት ሲጀምር ጥገናው በጣም ይወደዳል፤ ስለዚህ ከ120 ቀን ማሳለፍ ሞኝነት ነው። ጎማውን ማስቀየር 15 ያስወጣል። ሙሉ ሶሉን በየ360 ቀኑ ማስቀየር 120፤ ያኔ የተረከዙ ጎማም አብሮ ይቀየራል።

እንግዲህ ወደፊት የሚያስወጣውን በግምት እንደምር። የመጀመሪያው ሶል እስኪያልቅ፣ ማለትም 360 ቀን ድረስ፣ 400 እና ሁለት ጊዜ 15፣ በድምሩ 430 ይወጣል። በቀን 1.19። ርካሹ 0.73 ነበር፣ አስታውሱ። ውዱ ገና በጣም ውድ ነው።

ሶሉን በ120 ቀየርን፤ መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ተረከዙን። 720ኛው ቀን ላይ ድምሩ 580 ነው። በቀን 0.81። አሁንም የሚያዋጣው ርካሹ ነው!

ሁለተኛ ሶል ቀየርን። እስከ 1,080 ቀን ከሄድን ድምሩ 730 ይሆናል፤ በቀን 0.68። አሁን ገና ውዱ ረከሰ። ሁለቱ የሚተካከሉበትን ቀን ብትፈልጉት 1,000ኛው ቀን አካባቢ ነው።

1,000 ቀን ስንት ነው? በሳምንት አምስት ቀን የሚያደርገው ሰው አራት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚያደርገው ወደ አሥር ዓመት ይጠጋል። በዓመት 61 ቀን ለሚያደርገው፣ ለኔ ማለት ነው፣ ከ16 ዓመት በላይ። ያን ጫማ ልጄ ነው ከኔ ወርሶ የሚያከስረው ወይም የሚያተርፈው።

ይህን ሳይ መጀመሪያ ተናደድኩ። «ውድ ግዛ፣ ይረክስልሃል» የሚለው ምክር ውሸት ነው ብዬ ደመደምኩ። ኋላ ግን አንድ ቁጥር ቀየርኩና ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ።

ርካሹ ጫማ የኔ ነው 150 ቀን የቆየው። ጓደኛዬ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚሠራው፤ ብዙ ይራመዳል፣ ወለሉም እርጥብ ነው። ተመሳሳይ ርካሽ ጫማ እሱ ጋ 75 ቀን ነው የሚቆየው። 100 ሲካፈል ለ75፣ በቀን 1.33። ውዱ እሱም ጋ እንደኔው ቢበላ እንኳ፣ ገና የመጀመሪያው ሶል ሳያልቅ፣ 323ኛው ቀን አካባቢ ከርካሹ ጋር ይተካከላል። እሱ በሳምንት ስድስት ቀን ስለሚሠራ አንድ ዓመት ከጥቂት ሳምንት ነው። ያው ሰው ውዱንም ቶሎ ይጨርሰዋል ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፤ ግን ሶልና የተረከዝ ጎማ ይቀየራል። እርጥበት ማጣበቂያውን ሲያላቅቅና ላይኛውን ሲሰነጥቅ ነው ርካሹ የሚሞተው፤ ይህን የሚቋቋም ጫማ ለሱ ብዙ ያተርፍለታል።

ያስገረመኝ ይሄ ነው። የውዱ ዕድሜ ስንት ነው እያልን እንጨነቃለን። እሱን ለማወቅ ዓመታት መጠበቅ አለብን። ውሳኔውን ከአራት ዓመት ወደ አንድ ዓመት ያወረደው ግን የርካሹ ዕድሜ ነው። የርካሹን ዕድሜ ደግሞ ማወቅ ይቻላል፤ አልጋ ሥር ወይም በረንዳ ላይ የጣላችሁት አሮጌ ጫማ ነው መልሱን የያዘው። መቼ ገዛሁት? መቼ ጣልኩት? በሳምንት ስንት ቀን? በምን ሞተ? ሶሉ ተላቀቀ፣ ወይስ ቆዳው ተላጠ፣ ወይስ ደህና ሆኖ ሰለቸኝ?

የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት። ደህና ሆኖ የሰለቻችሁ ጫማ በርካሹም በውዱም ሒሳብ ውስጥ ዕድሜውን አልጨረሰም። በየዓመቱ የሚሰለቸው ሰው የ1,000 ቀን ጫማ ቢገዛ ገንዘቡን እየጣለ ነው።

በመሃል ያለውን ጫማ አልረሳሁትም። በ200 የሚገዛ፣ ሶሉ የተጣበቀ፣ ግን ወፍራም ጎማና ጥሩ ቆዳ ያለው። 330 ቀን ቢሠራና ሁለት ጊዜ ተረከዙ ቢቀየር ድምሩ 230 ነው፤ በቀን 0.70። ለኔ ዓይነቱ ሰው ርካሹን ይበልጣል፣ ውዱን ደግሞ ለመቅደም አራት ዓመት አያስጠብቅም። እውነቱን ለመናገር ዛሬ እግሬ ላይ ያለው እሱ ነው። ከተወሰነ ዋጋ በላይ የምንጨምረው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ስሙን፣ ቅርጹንና ማስዋቢያውን ነው የሚገዛው። ማስዋቢያ መውደድ ነውር የለውም፤ ብቻ «ቁጠባ ነው» ብለን ራሳችንን አናታልል።

ሁለት ነገር ሒሳቡን ያበላሹታል።

አንዱ መጥፋት ነው። ውዱ ጫማ በ200ኛው ቀን ቢሰረቅ፣ እስከዚያ 415 ወጥቶበታል፤ በቀን ከ2 በላይ። ርካሹ ቢሰረቅ የሚጎዳን በመቶ ነው። ጫማ ውጪ አውልቆ መግባት የግድ የሚሆንበት ሰው ይሄን ያስብበት። 400 አንዴ ማውጣት የማይችል ሰው ደግሞ፣ ሒሳቡ ለውዱ ቢያደላም፣ ርካሹን ደጋግሞ ይገዛል። ያ ሰው ሒሳብ ስላላወቀ አይደለም።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው፤ ሳይደረግም የሚያልፍ ዕድሜ። ብዙ ጫማ፣ ውዱም ጭምር፣ ሶሉ ፖሊዩሪቴን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ነው። ቀላልና ለስላሳ ነው፤ ለእግር ይመቻል። ግን በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ቀስ እያለ ይህን ቁስ ከውስጥ ይበታትነዋል። ካርቶን ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን። የሆነ ሰው «ለልዩ ቀን» ብሎ ስድስት ሰባት ዓመት ያስቀመጠውን ጫማ ያወጣና፣ ግብዣው መሃል ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ይሄ የተለመደ ነገር ነው፤ የሻጩም ማጭበርበር አይደለም። የጎማና የቆዳ ሶል እንደዚህ አይፈረፈርም። ስለዚህ በዓመት አሥር ቀን ለምታደርጉት ጫማ የቀኑ ብዛት የሚወሰነው በመበላት ሳይሆን በዓመታት ነው። አሥር ዓመት ቢቆይ እንኳ መቶ ቀን ነው። በ400 ከተገዛ በቀን 4፣ በ100 ከተገዛ በቀን 1። በመቶ ቀን ውስጥ ርካሹም አያልቅም። ለልዩ ቀን ውዱን፣ ለየቀኑ ርካሹን መግዛት ልማድ ነው፤ ሒሳቡ ግን ተቃራኒውን ይላል።

ከሁሉም በላይ ግን የማይመች ጫማ አለ። የሚያጠብ ጫማ አሥር ጊዜ ተደርጎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል። 400 ለ10 ሲካፈል 40 ነው። ከዚህ የሚብስ ሶል የለም። እግር ማታ ማታ ያብጣል፤ ጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ሊያጠብ ይችላል። ከሰዓት በኋላ፣ ብዙ ከሄዳችሁ በኋላ፣ በምታደርጉት ካልሲ ለኩ። ብዙ ጊዜ አንዱ እግር ከሌላው ስለሚበልጥ ለትልቁ እግር ነው የሚገዛው። ሻጩ «ሲደረግ ይሰፋል» ካለ፣ ቆዳ በጎኑ ትንሽ ይሰጣል፤ በርዝመቱ ግን አይሰጥም።

ጥያቄ ካለ ልቀበል።

አንዲት ሴት «የሩጫ ጫማስ?» ብላ ጠየቀች። የሩጫ ጫማ በቀን አይቆጠርም፣ በኪሎ ሜትር ነው። ብዙ ጊዜ የሚባለው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው፤ እንደ ሯጩ ክብደትና እንደሚሮጥበት መሬት ይለያያል። የሚሞተው መሃል ያለው ስፖንጅ ነው። የታችኛው ጎማ ደህና ሆኖ ሳለ ስፖንጁ ተጨፍልቆ መንጠሩን ያቆማል። የሚታወቀው በዓይን ሳይሆን በእግር ነው፤ ያልነበረ የጉልበት ወይም የባት ሕመም ሊመጣ ይችላል። አዲስና አሮጌ ተመሳሳይ ጫማ አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አድርጋችሁ ቁሙ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል። ሶል የሚቀይርለትም እምብዛም አይገኝም። የሚገርመው ደግሞ፣ ለውድድር የሚሠሩት በጣም ውድ የሆኑት ጫማዎች ብዙ ጊዜ ከተራው የልምምድ ጫማ ቀድመው ነው የሚያልቁት። ለመቅለል ተብሎ ስፖንጃቸው ቀላልና ለስላሳ፣ ጎማቸውም ስስ ሆኖ ይሠራል። እዚያ ገንዘቡ የሚገዛው ሰከንድ ነው።

ሌላ ሰው «ካርቶን ክዳኑ ላይ አሁን ስንት ጭረት ደረሰ?» አለ። ትናንት ማታ ቆጥሬዋለሁ፤ 88።